ማይክሮዌቩ ግማሹን አፍልቶ ግማሹን ሲያስቀረው፣ ከዚያም ብልጭ ሲል

ምስር ወጡ ጠርዙ ላይ ይንፈቀፈቃል፤ መሐሉ ግን ከፍሪጅ እንደወጣ ነው። የእኛ ማይክሮዌቭ መጀመሪያ ያሳየን ችግር ይሄ ነበር። ሰንበት ብሎ ሌላ ተጨመረ። በቀኝ በኩል ካለው የውስጥ ግድግዳ «ጣ ጣ» የሚል ድምፅ መጣ። ብርቱካናማና ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ የተቃጠለ ቅባትም ሸተተ።

ቤት ውስጥ ሁሉም የየራሱን ፍርድ ሰጠ። ወንድሜ «ማግኔትሮኑ ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» አለ፤ ማግኔትሮን የሚያሞቀውን ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል ነው። እማዬ ደግሞ «ጨረር እያፈሰሰ ነው፣ ከቤቴ አውጡልኝ» አለች። ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ያልበሰለው ወጥና ብልጭታው የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ሁለቱንም ምክንያቶች ያገኘናቸው በሩን ከፍተን ውስጡን በማየት ብቻ ነው፤ አንድም የውጭ ብሎን አልፈታንም።

ዕቃው ያገለገለ ነው። ቤት ሲለቁ ከሸጡልን ጎረቤቶች የገዛነው፣ ባለ 700 ዋት፣ የመስታወት ሳህኑ የሚዞር ተራ ማይክሮዌቭ። አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ይሄው ዓይነት ስለሆነ የእኛ ታሪክ ለብዙዎች ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሳህኑ። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚለቀቀው ሞገድ ከብረት ግድግዳው እየነጠረ ይመላለሳል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሲገናኙ አንዳንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ውስጡ እኩል አይሞቅም፤ በጣም የሚሞቁና ምንም የማይሞቁ ቦታዎች አሉት። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትኩሶቹ ቦታዎች በመካከላቸው የሚኖራቸው ርቀት የዚያ ግማሽ፣ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሳህን ወጥ ላይ ሁለትና ሦስት ትኩስ ቦታ ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው። ሳህኑ የሚዞረው ምግቡ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ እንዲያልፍ ነው። መዞሩን ካቆመ ትኩሱ ቦታ ላይ ያለው ይቃጠላል፣ የቀረው ቀዝቃዛ ይሆናል።

የእኛ ሳህን ግን ይዞር ነበር። ያደናገረንም ይሄ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ስናስገባ ጥሩ አድርጎ ይዞራል። ከባድ የሸክላ ሳህን ሙሉ ወጥ ስናስገባ ግን ትንሽ ይሄድና ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ቆሞ ከሥሩ «ጠቅ ጠቅ» ይላል። ማንም ሰው ወጥ አስገብቶ መስኮቱ ላይ ተተክሎ አያይም፤ ስለዚህ ማንም አላወቀም።

እንዴት አረጋገጥን? አራት ተመሳሳይ ብርጭቆ ወስደን በእያንዳንዳቸው እኩል ውኃ ጨመርን። ከሥራቸው ያንን ከባድ ሳህን አድርገን በአራቱም አቅጣጫ ደረደርናቸው። አንድ ደቂቃ ተኩል አስኬድነውና ወዲያው በጣት ነካናቸው። ሳህኑ በትክክል ቢዞር አራቱም ተቀራራቢ ሙቀት ይኖራቸዋል። የእኛዎቹ ግን አንዱ ለመያዝ የሚያስቸግር ሙቀት ነበረው፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ለብ እንኳ አላለም።

ሳህኑ ሥር ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ ትንንሽ መንኮራኩር ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ነው፤ የሳህኑን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ሁለተኛው መሐል ላይ ብቅ ያለው ሦስት ክንፍ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ሳህኑን ይዞ የሚያዞረው እሱ ነው። ሦስተኛው ከወለሉ በታች የተደበቀው ትንሽ ሞተር ነው። የትኛው እንደተበላሸ መለየት ቀላል ነው። ሳህኑንና ቀለበቱን አውጡ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ክንፉን በማይነካበት ጥግ ወለሉ ላይ አስቀምጡ። ውኃው የግድ ነው፤ ማይክሮዌቭ ባዶውን ሲሠራ ሞገዱን የሚቀበል ነገር ስለማያገኝ ኃይሉ ወደ ራሱ ወደ ማግኔትሮኑ ይመለሳል። ለአሥር ሰከንድ ያህል አስኬዱና ክንፉን ተመልከቱ። ክንፉ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ከላይ ነው። ክንፉ የማይዞር ከሆነ ሞተሩ ነው፣ ወይም ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው።

የእኛ ክንፍ ይዞር ነበር። ቀለበቱን ስናየው የመንኮራኩሮቹ እምብርት ውስጥ የደረቀ ሽንኩርትና ቅባት ተጠቅጥቋል፤ አንዱ መንኮራኩር ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ክንፉም አንዱ ጫፉ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ቀላል ዕቃ ሲሆን በሁለቱ ክንፍ ይገፋል፤ ከበድ ሲል የተበላው ጫፍ ከሳህኑ ጥርስ ላይ ይንሸራተታል። ያ «ጠቅ ጠቅ» እሱ ነበር።

ቀለበቱን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ሳሙና ዘፍዝፈን በጥርስ ብሩሽ አጠብነው። ወለሉ ላይ መንኮራኩሮቹ የሚሄዱበትን መስመርም ጠረግነው፤ እዚያ ላይ የተጋገረ ትንሽ ነገር እንኳ ሳህኑን ያስዘልላል። ክንፉ ግን መለወጥ ነበረበት። ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲያዩት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ክንፎች ቁመታቸው ይለያያል፣ የሞተሩ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳም ይለያያል። አጭር ከሆነ ሳህኑን አይደርስበትም። ረጅም ከሆነ ሳህኑን ከቀለበቱ ላይ ያነሣዋል፣ ሳህኑም ይወላገዳል።

ሞተሩ ከሆነ የተበላሸው ለባለሙያ ስጡት። ባለሙያውም ቢሆን በላዩ የተጻፈውን ማንበብ አለበት። መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ በ220 ቮልት፣ ሌላው በ21 ወይም በ30 ቮልት የሚሠራ አለ። ሳህኑ አንዳንዴ ወደ ቀኝ አንዳንዴ ወደ ግራ መዞሩ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ባገኙት አቅጣጫ ነው የሚነሡት። እማዬ በዚህ ምክንያት ብቻ «ይሄ ነገር ዛር አለበት» ትል ነበር።

ወጡ እኩል መሞቅ ጀመረ። ብልጭታው ግን አልቀረም።

ብልጭታ ሲታይ ቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «ዕቃው ነው ወይስ ያስገባነው ነገር?» የሚለው ነው። ፎይልና ማንኪያን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ወርቃማ ወይም ብርማ ጠርዝ ያለው ሲኒና ሳህን ነው። ያቺ ቀጭን መስመር እውነተኛ ብረት ናት፤ የቡና ሲኒ ማሞቅ የለመዳችሁ ጠርዙን ልብ በሉ። የሬስቶራንት ምግብ የተጠቀለለበት ወረቀት ውስጡ ፎይል የተለበደ ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ ካሮትና ቃሪያም አንዳንዴ በራሳቸው ብልጭ ይላሉ፤ በተለይ ደረቅ ብለው ተቆራርጠው ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩ። ይሄ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጎ ማሞቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለመለየት አንድ ተራ ብርጭቆ ውኃ አስገቡ። ጌጥ የሌለው ይሁን። የኩሽናውን መብራት አጥፉና ለሠላሳ ሰከንድ አስኬዱት። በመስኮቱ እያያችሁ እጃችሁን ማጥፊያው ላይ አድርጉ። ምንም ብልጭታ ከሌለ ችግሩ ከዚህ በፊት ያስገባችሁት ነገር ነበር። በውኃ ብቻም ብልጭ ካለ ችግሩ ከዕቃው ነው፤ ወዲያው አጥፉና የት ቦታ እንደሆነ አስታውሱ። ቦታው ብዙ ይናገራል።

የእኛ ከቀኙ ግድግዳ ነበር፤ እዚያ ላይ አራት ማዕዘን የሆነች ግራጫ ነገር ተለጥፋለች። ካርቶን ትመስላለች፤ ግን ካርቶን አይደለችም። ሚካ ነች፤ ከማዕድን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሰሌዳ። ከጀርባዋ ሞገዱ የሚገባበት ክፍት ቦታ አለ። ሞገዱ በሚካዋ ውስጥ ያልፋል፤ እንፋሎትና የወጥ ፍንጣቂ ግን ወደዚያ እንዳይገባ ታግዳለች። በአንዳንድ ማይክሮዌቭ ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው፣ ወይም ጣሪያው ላይ ነው። ሥራው ያው ነው።

ታዲያ ለምን ብልጭ ትላለች? ሚካዋ ንጹሕ ሆና አይደለም። ቅባት ሲፈናጠቅባት ነው። የኛ ወጥ ቅቤና ዘይት ይወዳል፤ ሳይከደን ሲሞቅ ደግሞ ይፈነዳል። ያ ጠብታ ሚካዋ ላይ ያርፋል። ኃይሉ በጣም የሚበረታው እዚያ አፍ ላይ ስለሆነ ጠብታው በየጊዜው ይጠበሳል፤ በመጨረሻም ከሰል ይሆናል። ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሞገዱ ሲያገኘው ይግላል፣ ብልጭ ይላል፣ በዙሪያው ያለውንም ሚካ ያቃጥላል። የተቃጠለው ራሱ አዲስ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ በራሱ አይሻለውም። ዛሬ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ከሆነች፣ በሚቀጥለው የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ትሆናለች።

ከሶኬት ነቅለን በረጠበ ጨርቅ ሚካዋን በቀስታ ጠረግን። እዚህ ጋ ነው ፍርዱ የሚሰጠው። ቆሻሻው ተጠርጎ ሥሩ ያለው ሚካ ያልተነካ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ አድርቃችሁ ቀጥሉ። ጥቁሩ የማይለቅ ከሆነ፣ ወይም ሰርጉዶ ከበላ፣ ወይም ከቀደደ፣ መለወጥ ብቻ ነው። በሽቦ አትፈትጉት፣ ውኃ ውስጥም አትዘፍዝፉት፤ ሚካ ንብርብር ስለሆነ ይላጣል። የእኛዋ ታችኛው ጥግ ላይ ጠርዙ የከሰለ ቀዳዳ ነበራት።

የምትወጣው በቀላሉ ነው። አንዳንዱ በግድግዳው ላይ ባሉ ስንጥቆች ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚቆመው፤ ትንሽ ጎበጥ ሲደረግ ይወጣል። አንዳንዱ በአንዲት የፕላስቲክ ቁልፍ ወይም ብሎን ተይዟል። ብሎኗ ከውስጥ በኩል ስለሆነች ትፈታለች፤ የምናወራው ስለ ውጩ ቆርቆሮ አይደለም።

አሮጌዋን ይዤ ጥገና ቤት ሄድኩ። የሚሠሩት ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እንዳዩዋት ሳቁ። «ይችን እንኳን ይዘሽ መጣሽ፣ እህቴ። ብዙዎቹ ካርቶን ናት፣ ማሸጊያ ናት ብለው ገንጥለው ጥለዋት ነው የሚመጡት» አሉኝ።

«ሲጥሏትስ ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ብልጭታው ይቆማላ! ደስ ብሏቸው ይሠሩበታል። ከዚያ እንፋሎቱና ቅባቱ ቀጥ ብሎ ማግኔትሮኑ አፍ ላይ ይገባል። ያኔ በትንሽ ሚካ ያልቅ የነበረው ነገር የዕቃውን ግማሽ ዋጋ ያስወጣል።»

ሚካ የሚሸጠው በሰፊ ቁራጭ ነው፤ በልክ የሚቆርጠው ገዢው ነው። አሮጌዋን ላዩ ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዙሪያዋን አሰመርኩ። ቀዳዳ ያላት ከሆነ ቀዳዳውንም ምልክት አድርጉ። በመቀስ በቀስታ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ላይ የተነሣ ንብርብር ካለ ደግሞ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ጠባብ ሆኖ ክፍተት መተው የለበትም። ሰፍቶም በግድ ተጎብጦ መግባት የለበትም፤ ይሰነጠቃል። «በወፍራም ወረቀት፣ በፕላስቲክ ክዳን፣ በፎይል አትተኪው» ብለውኛል ጋሼ። ወረቀቱ ይነዳል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ፎይሉ ደግሞ ራሱ ብልጭታ ነው።

አዲሱን ከመክተቴ በፊት ግን ከጀርባ ማየት ነበረብኝ፤ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ክፍቱ ቦታ ዙሪያ ቅባት ከተጠራቀመ አዲሱም ሚካ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። በሳሙና በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠረግኩት። ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በባትሪ ስታበሩ ወደ ውስጥ የማግኔትሮኑ ጫፍ፣ ትንሽ የብረት ቆብ መሳይ ነገር፣ ሊታይ ይችላል። ብረቱ ሙሉና ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀልጦ ከተቀደደ ወይም ከጠቆረ ሚካ መለወጥ ብቻውን አያድነውም። ነገሩ የባለሙያ ሆኗል ማለት ነው። የእኛ ደህና ነበር።

ሌላው የብልጭታ ቦታ የውስጥ ግድግዳው ቀለም ነው። ቀለሙ ተላጦ ብረቱ ሲዝግ፣ ላዩም ላይ ምግብ ሲከስል ብልጭ ይላል። ከሰሉ ተፍቆ፣ ዝገቱ በቀስታ በብርጭቆ ወረቀት ተነሥቶ፣ ለማይክሮዌቭ ውስጥ ተብሎ በተሠራ ቀለም ከተቀባ በኋላ በደንብ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይቆማል። የበርና የመስኮት ቀለም አይሆንም። ዝገቱ ብረቱን በልቶ ቀዳዳ ካወጣ ደግሞ ቀለምም አያድነውም።

ሚካዋ ከገባች በኋላ ያንኑ የውኃ ሙከራ ደገምኩ። ብርጭቆ ውኃ፣ መብራት ጠፍቶ፣ መጀመሪያ ሠላሳ ሰከንድ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ። ብልጭታ የለም፣ ሽታ የለም። እማዬ ከበሩ ማዶ ቆማ ነው ያየችው፤ ያኔም አላመነችም።

ወንድሜ «ማግኔትሮኑ ደክሟል» ማለቱን ስላልተወ ያንንም ለካን። ይሄ ሙከራ ለሁሉም ይጠቅማል። አንድ ሊትር የቧንቧ ውኃ በሰፊ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ አድርጉ። ሙቀቱን በኩሽና ቴርሞሜትር ለኩ። በከፍተኛው ኃይል ሁለት ደቂቃ አስኬዱ። አውጥታችሁ አማስሉና እንደገና ለኩ። የጨመረውን ዲግሪ በ35 ስታባዙት ወደ ውኃው የገባው ኃይል በዋት ይወጣል። የእኛ ከ21 ወደ 39 ዲግሪ ወጣ። 18 በ35 ሲባዛ 630 ዋት ነው። ውኃው ያለበት ዕቃም የተወሰነ ሙቀት ስለሚወስድ፣ ለባለ 700 ዋት ይሄ ጤነኛ ቁጥር ነው።

ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚሰካበት ሰዓት ስንደግመው ግን 14 ዲግሪ ብቻ ጨመረ፤ 490 ዋት ማለት ነው። መብራቱ ስለወረደ እንጂ ማይክሮዌቩ ስለታመመ አይደለም። ስለዚህ «አላሞቅ አለኝ» ከማለታችሁ በፊት ጠዋት ለኩት። በቀጭን ማከፋፈያ ከሰካችሁትም ኃይሉ እዚያው ሽቦው ላይ ይባክናል። ባለ 700 ዋት የተባለ ማይክሮዌቭ ከግድግዳው የሚስበው ከ1,000 ዋት በላይ ነው፤ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ። ጠዋትም ማታም ግማሹን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ያኔ ወንድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ማይክሮዌቭ ካለ ሌላ ጉዳይ አለ። የእነሱ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ቮልት መቀነሻው 120ውን ያስተካክላል፤ 50ውን ግን 60 አያደርገውም። በውስጡ ከባዱ ትራንስፎርመር ያለበት ዓይነት ከሆነ በ50 ሄርዝ ከሚገባው በላይ ይግላል። ሳህኑም ዘገም ይላል። ይሄ በመጠገን የሚስተካከል አይደለም።

ሳህኑ ዞሮ፣ ሚካው ተለውጦ፣ ኃይሉም ተለክቶ እንኳ ምግብ ሙሉ በሙሉ እኩል አይሞቅም። ማይክሮዌቭ ከመሐል ጀምሮ ያበስላል የሚባለው ልክ አይደለም። ሞገዱ እርጥብ ምግብ ውስጥ የሚገባው ከላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ መሐል የሚደርሰው ሙቀት ከዚያ ቀስ እያለ የሚተላለፍ ነው። የቆመው ክምር ሽሮ መሐሉ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ሳህኑ ላይ ዘርጋ አድርጎ መሐሉን ክፍት መተው፣ ግማሽ ላይ አውጥቶ ማማሰል፣ ከዚያም ከድኖ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት ከምንም በላይ ይሠራል። መክደኑ ሚካዋንም ያተርፋታል።

ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ወጥ ደግሞ የባሰ ነው። በረዶ የማይክሮዌቭን ኃይል በደንብ አይቀበልም፣ ውኃ ግን በጣም ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ጥግ ቀድሞ ከቀለጠ ያ ጥግ ኃይሉን ሁሉ ለራሱ ይወስዳል፤ እሱ እየፈላ ጎኑ ያለው ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል። በዝቅተኛ ኃይል ወይም በማቅለጫው ቁልፍ ማስኬድ መፍትሔው ነው። ተራው ማይክሮዌቭ በዝቅተኛ ኃይል ሲሠራ እያቆመ እየቀጠለ ነው የሚሄደው፤ በሚያቆምበት ጊዜ ሙቀቱ ወደ ጎን ይዳረሳል። ያደረ የሥጋ ወጥ ከሆነ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረሱን ማየት ጥሩ ነው። ትኩስ ጠርዝ ያታልላል።

አሁን ማቆም የሚገባው መቼ ነው? ጋሼ ወሰኑን ያስቀመጡልኝ በአጭሩ ነው። «ከውስጥ በእጅሽ የምትደርሺበት ያንቺ ነው። የውጩ ቆርቆሮ ብሎን የኔ ነው። እኔም ብሆን ስከፍተው አከብረዋለሁ።» ምክንያቱም በውስጡ ኮንደንሰር የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅምና ወደ 2,000 ቮልት የሚሞላ ክፍል አለ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ እጠግናለሁ የሚል ሰው እንኳ እዚህ ላይ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሚካው አዲስ ሆኖ፣ ውስጡ ጸድቶ፣ በብርጭቆ ውኃ ብቻ እንደገና ብልጭ ካለ ተጨማሪ ሙከራ አታድርጉ። ብልጭታው የሚመጣው ከማይታይ ቦታ፣ ከጀርባ ወይም ከውጩ ቆርቆሮ ሥር ከሆነም እንደዚሁ። ከወትሮው የተለየ ከባድ ማጓራት አሰምቶ ምንም የማያሞቅ ከሆነ የከፍተኛ ቮልቱ ክፍል ነው የታመመው። በተነሣ ቁጥር ቆጣሪውን የሚጥል ከሆነ ትልቅ ፊውዝ በመግጠም አትሸውዱት። ሰውነቱን ስትነኩት የሚነዝር ከሆነ ወይ ሶኬታችሁ ኤርዝ የለውም፣ ወይ ውስጡ ሽቦ ነክቶታል፤ ሁለቱም እስኪጣራ ድረስ መነቀል አለበት።

በሩ ከሁሉ የከበደ ጉዳይ ነው። እማዬ የምትፈራው ጨረር ካለ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ሚካ ስለተቃጠለ አይወጣም። ብረቱ ግድግዳና የመስኮቱ ወንፊት ሞገዱን ውስጥ ያስቀሩታል። በሩ ከተጣመመ፣ ማጠፊያው ከላላ፣ መቆለፊያ ጥርሱ ከተሰበረ፣ ወይም ወንፊቱ ከተቀደደ በፕላስተር አስሮ መጠቀም የለም። በሩ ተከፍቶ እያለ ማይክሮዌቩ የሚሠራ ከመሰላችሁ ውስጡ ብርጭቆ አድርጋችሁ ለማረጋገጥ አትሞክሩ። ነቅላችሁ ለባለሙያ ስጡት፤ በሩ ሲከፈት የሚያጠፉት ማብሪያዎች አሉ፣ እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዱ ማይክሮዌቭ ግን በሩ ከተከፈተም በኋላ ማራገቢያውና መብራቱ ለትንሽ ጊዜ ይቀጥላሉ። ያ የተለመደ ነው፣ ማሞቅ ማለት አይደለም።

ውስጡ እሳት ከተነሣ በሩን አትክፈቱ። አየር የሚያገኘው በበሩ ነው። አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ነበልባሉ እስኪጠፋ በመስኮቱ ጠብቁ። ለማጥፋት ውኃ ይዞ በሩን መክፈት ከሁሉ የከፋ ነው።

ጋሼ ጋ በሄድኩ ጊዜ አንዲት ሴት የታችኛው ወለሉ በዝገት ተቀዶ ከሥሩ ብልጭ የሚል ማይክሮዌቭ አምጥታ ነበር። በቆርቆሮ ይለጠፍልኝ አለች። እምቢ አሏት። የተለጠፈ ብረት ጠርዝ ራሱ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ቀዳዳውም ሞገድ ያሳልፋል። መስታወት ሳህኑን፣ ቀለበቱንና ደህናውን ሞተር ለመለዋወጫ ገዟት። የቀረውን ለቆራሌው ከመስጠታቸው በፊት ግን ገመዱን ከሥሩ ቆረጡት፣ ማንም መልሶ እንዳይሰካው።